ባይላክ ኖሮ፦ የስደት ገንዘብንና የቤተሰብ ኑሮን የሚያጠና ፕሮፖዛል እንዴት ይነደፋል?

የዛሬው ርዕሳችን ጠባብ ነው። ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ የተቀባዩን ቤተሰብ ኑሮ ምን ያህል እንደሚለውጥ ሊያጠና የተነሳ ሰው፣ መስክ ከመውጣቱ በፊት የሚጽፈውን ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚያስብ እናያለን። የተለመደውን ቅደም ተከተል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ጥያቄ ይጻፋል፣ ቀጥሎ መላምት ይመጣል፣ ከዚያም መረጃና ዘዴ ይከተላል። በመጨረሻው ገጽ «የጥናቱ ውስንነቶች» በሚል ርዕስ ሥር የጊዜና የበጀት ማነስ በሁለት መስመር ተጠቅሶ ነገሩ ይዘጋል። ይህ ቅደም ተከተል ለአንባቢ ማቅረቢያነት መልካም ነው፤ ለማሰቢያነት ግን አይበጅም። በዚህ ርዕስ ላይ ውስንነቱ ቀድሞ ካልተመረመረ ጥያቄው ገና ሲጻፍ ይበላሻል፤ ጥያቄው ከተበላሸ በኋላ ደግሞ የትኛውም የስታቲስቲክስ ብልሃት አያቃናውም። ይህን በአንድ ምሳሌ ከመነሻው እስከ መድረሻው ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጥያቄ «ገንዘብ የሚላክላቸው ቤተሰቦች ከማይላክላቸው የተሻለ ይኖራሉ ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱን ወገኖች በመጠይቅ አግኝቶ ፍጆታቸውን፣ ቤታቸውንና ከብታቸውን ማወዳደር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ ወገኖች ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊትም አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ላይ ነው። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የላከ ቤተሰብ የደላላ ክፍያ መሸፈን ወይም የሚያበድረው ዘመድ ማግኘት የቻለ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሄደ እህት ወይም የአጎት ልጅ እዚያ አለው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ዛሬ ተሽሎ ቢታይ፣ ቀድሞም የተሻለ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ስደተኛዋ አብልጣ የምትልከው እናት ስትታመም ወይም አዝመራ ሲከሽፍ ነው። ሐኪም ቤት የተገኙትን ከቤታቸው ከዋሉት ጋር አወዳድሮ ሕክምና ያሳምማል ብሎ እንደ መደምደም ሁሉ፣ በክፉ ቀን የመጣውን ገንዘብ ከክፉው ቀን ጋር አጣምሮ ያየ ተመራማሪም ገንዘቡ ድህነት ያመጣ ይመስለዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ቁጥሩን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል፤ የትኛው እንደሚያይል ደግሞ መረጃው ራሱ አይናገርም።

ስለዚህ ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ጎረቤት አይደለም። ያው ቤተሰብ ነው፤ ልጅቱ ባትሄድ ኖሮ ይኖር የነበረው ኑሮ። ይህ ኑሮ አይታይም፤ ሊገመት ብቻ ይችላል። ግምቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ለስሌት ብቻ የተፈጠረ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አምስት ሰዎች ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዲት ልጅ ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። ጠቅላላ የዓመት ገቢያቸው 180,000 ብር ሲሆን 72,000ው ከእርሷ የሚመጣ ነው። በነፍስ ወከፍ 36,000 ብር ይደርሳል። የላከችውን ብንቀንስ 108,000 ብር ለአምስት ሰው 21,600 ይሆናል፤ በዚህ አቆጣጠር ስደቱ ለእያንዳንዱ ሰው 14,400 ብር ጨመረ እንላለን። ነገር ግን ልጅቱ ባትሄድ ኖሮ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። እርሻውን ታግዛለች፣ ገበያ ትነግዳለች፣ ወይም ከተማ ተቀጥራ ትሠራለች። በዚህ 48,000 ብር ታስገባ ነበር እንበል። ያን ጊዜ 156,000 ብር ለስድስት ሰው ይካፈላል፤ 26,000 ብር ማለት ነው። በዚያ ላይ ለጉዞዋ የተበደሩትን ለመክፈል በዓመት 24,000 ብር የሚወጣ ከሆነ፣ የዛሬው ገቢያቸው ለመኖሪያ የሚቀረው 156,000 ለአምስት፣ ማለትም 31,200 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ14,400 ወደ 5,200 ወረደ። ቤተሰቡ ያው፣ የተላከውም ብር ያው ነው። የተለወጠው «ባይሆን ኖሮ» ለሚለው የሰጠነው መልስ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ባርሃምና ቡሸ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ብሉፊልድስ በተባለች የኒካራጓ የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦችን መረጃ በሁለት መንገድ አሰሉ። በመጀመሪያው መንገድ የተላከው ገንዘብ ከሰማይ እንደ ወረደ ተጨማሪ ገቢ ተቆጠረ፤ ውጤቱም ገንዘቡ በቤተሰቦች መካከል ያለውን የገቢ ልዩነት ያጠባል የሚል ሆነ። በሁለተኛው መንገድ ስደተኛው አገሩ ቢቀር ኖሮ ያገኝ የነበረው ገቢ ተገምቶ ገባ። ያን ጊዜ መደምደሚያው ተገለበጠ፤ ስደቱና ገንዘቡ ልዩነቱን ያሰፋሉ የሚል ሆነ። ሰዎቹም መጠይቁም አልተለወጡም። የፕሮፖዛሉ ጸሐፊ ይህን ግምት በየትኛው መንገድ እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ የጥናቱን መደምደሚያ ለአጋጣሚ ትቶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ይህን ሁሉ ከመገመት ይልቅ ገንዘቡን ምን እንዳደረጉበት ቤተሰቦቹን ራሳቸውን ለምን አንጠይቅም? መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ዕዳው እንዴት እንደተከፈለ፣ ገንዘቡ ላይ የሚያዝዘው አባት ይሁን እናት፣ ልጅቱ ከሩቅ ሆና ምን እንደምትወስን ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረን የለም። መጠኑን ግን ከዚህ መልስ ማግኘት አይቻልም፤ ምክንያቱም ብር ከብር ይቀላቀላል። አባት «የላከችልኝን ለልጆች ትምህርት ቤት አዋልኩት» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ለትምህርት ያዘጋጁት የእህል ሽያጭ ብር በዚያው ነጻ ወጥቶ በሬ ተገዝቶበት ከሆነ፣ ስደቱ ያመጣው ለውጥ በሬው ነው፤ ትምህርቱ ባይላክም ይከፈል ነበር። ገንዘቡ የዋለበት ቦታና ገንዘቡ ያስከተለው ለውጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለቱን ለመለየት ተመራማሪ የሚፈልገው፣ ቤተሰቡ ሳይመርጠው የገንዘቡን መጠን የለወጠ የውጭ ክስተት ነው። እንዲህ ያለ ክስተት ከተጠቀሙ ጥናቶች ጥሩው ምሳሌ ዲን ያንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ፊሊፒንስ ያሳተመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የፊሊፒንስ ስደተኞች በብዙ አገሮች ተበትነው ነበር። በአሜሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ያሉት የሚከፈላቸው ገንዘብ በፔሶ ሲመነዘር ወደ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ በማሌዥያና በደቡብ ኮሪያ ያሉት ግን ምንም አላተረፉም። ማን የት እንደሄደ ከቀውሱ በፊት የተወሰነ በመሆኑ ልዩነቱ ከዕጣ ጋር ተቀራራቢ ነበር። ምንዛሪያቸው የተሻሻለላቸው ቤተሰቦች የሚደርሳቸው ገንዘብ ጨመረ፤ ልጆቻቸው በትምህርት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ አለ፣ የልጆች ሥራ ቀነሰ፣ በራስ ሥራ ላይ የሚጠፋው ሰዓትም በዛ። ይህን ንድፍ ወደ እኛ እንገልብጠው ብንል ግን አይሆንም። የሳዑዲ ሪያል፣ የኤምሬትስ ድርሃምና የኳታር ሪያል ሁሉም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰሩ ናቸው። ብር ሲወርድ ለሁሉም እኩል ይወርዳል፤ የዱባይዋን ከጅዳዋ የሚለይ ነገር አይኖርም። የሌላ አገር ዘዴ ከመዋሱ በፊት ዘዴውን ያቆመው ልዩነት እኛ ዘንድ መኖሩን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው ክስተት ሌላ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ የሥራና የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማፈስና ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ልጃቸው ከሳዑዲ የተመለሰችባቸው ቤተሰቦች ሳያስቡት የገንዘብ ምንጫቸው ደረቀ። ልጃቸው ኩዌት ወይም ዱባይ የነበረች የዚያው ቀበሌ ነዋሪዎች ግን እንደ ወትሮው መቀበላቸውን ቀጠሉ። ሁለቱም ወገኖች ልጅ የላኩ፣ ደላላ የከፈሉ፣ ዘመድ ያላቸው በመሆናቸው መጀመሪያ ያየነው የምርጫ ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። ለፕሮፖዛል ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ደርሰው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ፤ የውስንነት ሥራ ግን የሚጀምረው አሁን ነው።

ክስተቱ የማይሰጠን ነገር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ያንግ ፊሊፒንስ ላይ ያየው ሰው ሳይንቀሳቀስ ገንዘብ ብቻ ሲለወጥ ነው። እዚህ ግን ገንዘቡ ሲቆም ልጅቱም ቤት ገባች። የምትበላ አንድ ሰውና የምትሠራ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ተጨመሩ። ስለዚህ «የተላከ ገንዘብ ውጤት» የሚል ርዕስ ይዘን ልንቀጥል አንችልም፤ የምንለካው የስደት ድንገተኛ መቋረጥ ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ የተመለሱት በአብዛኛው ወረቀት የሌላቸው ናቸው፤ በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ የሄዱ ይበዙባቸዋል። በአውሮፕላን ኩዌት ከገባችው ልጅ ቤተሰብ የድህነት ደረጃቸው ሊለይ ይችላል። ይህን መቀበል ብቻ አይበቃም፤ መፈተሻ ያስፈልገዋል። ከ2006 በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የሁለቱ ወገኖች ኑሮ በአንድ አቅጣጫ ይሄድ ነበር ወይ ብሎ ማየት ይቻላል። ቀድሞም ይለያዩ ከነበረ ንድፉ ወድቋል፤ ይህም በፕሮፖዛሉ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ቀጣዩ መረጃ ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክ ጋር ያካሄደው የኢትዮጵያ ማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች በ2004፣ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት ይሸፍናሉ፤ ያንኑ ቤተሰብ ደጋግሞ ስለጎበኘ ለእኛ ጥያቄ የተሠራ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ሦስት ነገር ያሰናክለናል። የሁለተኛው ዙር የቤተሰብ መጠይቅ የተሞላው ተመላሾቹ በሚጎርፉበት በዚያው ሰሞን ነው፤ ገቢን ባለፉት 12 ወራት የሚጠይቅ ጥያቄ ደግሞ ከመቋረጡ በፊትና በኋላ ያለውን አደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሦስተኛው ዙር የወደቀው በ2007 ክረምት ዝናብ መጥፋት የተነሳው ድርቅ በበረታበት ዓመት ነው፤ ድርቁ ከመታቸው አካባቢዎች መካከል ብዙ ስደተኛ የሚልከው ወሎ አንዱ ስለሆነ፣ የኑሮ መውረድ የታየው በስደት መቋረጥ ይሁን በድርቅ ለመለየት ያስቸግራል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እያነጻጸርን እንለየዋለን ብንል ደግሞ፣ በገጠር ከአንድ የቆጠራ ቦታ የተመረጡት 12 ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የሳዑዲ ተመላሽ ያለውም፣ ኩዌት ሰው ያለውም ቤተሰብ በአንድነት መገኘቱ ብርቅ ነው።

ስለዚህ ራሳችን መጠየቅ ይኖርብናል፤ ግን ከክስተቱ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በ2005 ዓ.ም. በወር ስንት ኪሎ ጤፍ ይበሉ ነበር ተብሎ ዛሬ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው ግምት ነው። ፍጆታን መለኪያ ማድረግ በዚህ ምክንያት ከእጃችን ይወጣል። ሰው በዓመት ለይቶ የሚያስታውሳቸው ነገሮች ግን አሉ፤ በሬ የተሸጠበት ዓመት፣ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረበት ክፍልና ዓመት። ከእነዚህ መካከል የልጆች ትምህርት ከሁሉ ይመቻል። የልጁ የተወለደበት ዓመት፣ የደረሰበት ክፍልና ያቋረጠበት ጊዜ እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ፤ ትምህርት ቤቱ መዝገቡን ካቆየ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ይታያሉ። የጊዜ አቆጣጠሩም ይገጥማል። ስደተኞቹ የተመለሱት በ2006 የትምህርት ዘመን መሐል ስለሆነ ውጤቱ ጎልቶ የሚታየው በመስከረም 2007 ምዝገባ ላይ ነው፤ ይህም ድርቁ ከመበርታቱ በፊት ነው። መረጃው የጎደለው ነገር መለኪያችንን መረጠልን፤ መለኪያው ደግሞ ጥያቄውን እንዲህ አጠበበው፦ በኅዳር 2006 ዙሪያ ልጃቸው ከሳዑዲ የተመለሰችባቸው ቤተሰቦች ሌሎች ልጆች፣ ስደተኛቸው በሌላ የዓረብ አገር ከቆየችባቸው የዚያው ቀበሌ ልጆች ይልቅ በ2007 ምዝገባ ከትምህርት ይበልጥ ቀርተዋል ወይ?

እንዲህ ከጠበበ በኋላ መላምቱ ሊወድቅ የሚችል ሆኖ ይጻፋል። «የተላከ ገንዘብ በኑሮ ላይ አዎንታዊ ተጽዕኖ አለው» የሚለው የትም የማይሸነፍ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ መላምት አይባልም። የእኛ ዋና መላምት የማቋረጥ መጠን ይጨምራል የሚል ነው። ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል፤ የተመለሰችው ልጅ ውኃውን ቀድታ፣ ሕፃኑን ይዛ ታናሽ እህቷን ለትምህርት ነጻ ልታወጣት ትችላለች። ከዚህ ሁለተኛ መላምት ይወለዳል። የቤቱ ችግር የገንዘብ ከሆነ ወንዶቹም ሴቶቹም ይጎዳሉ፤ የጉልበት ጉዳይ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ሥራ የሚበዛባቸው ሴቶች ልጆች ይጠቀማሉ። በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ ልንለየው አልቻልንም ያልነው የገንዘብና የሰው መቀላቀል፣ በወንድና በሴት ልጆች ልዩነት በኩል በከፊል ይፈታል። ዋናው መለኪያ አንድ ሆኖ አስቀድሞ መጻፉም ግዴታ ነው። ሃያ ነገር ለክቶ ከመቶ አምስት በሆነ የስሕተት ዕድል የሚፈትን ሰው፣ ምንም ለውጥ ባይኖር እንኳ በአማካይ አንዱ «ጉልህ» ሆኖ ይወጣለታል።

የናሙናው ብዛትም ከመላምቱ ይወጣል። በሌላ የዓረብ አገር ሰው ካላቸው ልጆች ከመቶ አሥሩ ያቋርጣሉ፣ ከተመለሰችባቸው ደግሞ ከመቶ አሥራ ስምንት ያቋርጣሉ ብለን ብንጠብቅ፣ ይህን ልዩነት ከአምስት ጊዜ አራቱን ለማግኘት ከእያንዳንዱ ወገን ወደ 290 ልጆች ያስፈልጋሉ። የአንድ ቤት ልጆች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ በአንድ ተኩል ቢባዛ ወደ 435 ይደርሳል። የምንጠብቀው ልዩነት ከአሥር ወደ አሥራ ሦስት ብቻ ቢሆን ግን በአንድ ተኩል ከመባዛቱ በፊት እንኳ ከእያንዳንዱ ወገን ወደ 1,770 ልጆች እንፈልጋለን፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ ነው። እንግዲህ ይህ ጥናት ትልቅ ጉዳትን ሊያይ ይችላል፣ ትንሹን ግን አያይም። ልዩነት ሳናገኝ ብንቀር ጉዳት አልነበረም ማለት እንደማንችል ከወዲሁ መጻፍ አለብን። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከተመለሱት መካከል ዳግም የተሰደዱ ይኖራሉ፤ ቤተሰቡ የሚመደበው በ2006 በደረሰበት ነው እንጂ በኋላ በሆነው አይደለም። ያለዚያ ኋላ የተሳካላቸውን ወደ አንዱ ጎራ በማዛወር ውጤቱን ራሳችን እንሠራዋለን።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተማሪዎች ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያሟላ በጀት የለንም፤ ታዲያ ርዕሱን እንተወው? አይደለም። መልሱ ጥያቄውን አቅም በፈቀደው መጠን ዝቅ አድርጎ በስሙ መጥራት ነው። በአንድ ወረዳ ገንዘብ የሚቀበሉት እነማን ናቸው፣ በምን መንገድ ይደርሳቸዋል፣ ዕዳው በስንት ዓመት ይከፈላል ብሎ የሚዘረዝር ጥናት ራሱን የቻለ እውቀት ነው። በጥቁር ገበያ ወይም በሰው እጅ የሚመጣው ከባንክ መዝገብ ውጭ ስለሆነ፣ ከሴፍቲ ኔት እንዳይሰረዝ ፈርቶም የሚደብቅ ስለሚኖር፣ ይህን በጥንቃቄ መመዝገብ ብቻውን ከባድ ሥራ ነው። ነውሩ ይህን ገላጭ ጥናት አካሂዶ «የተላከ ገንዘብ የቤተሰብን ኑሮ በዚህ ያህል አሻሻለ» ብሎ መደምደም ነው።

አሁን ወደ ፕሮፖዛሉ የመጨረሻ ገጽ ብንመለስ የውስንነቱ አንቀጽ የበጀት ማነስን የሚያማርር አይሆንም። ይህ ጥናት ስደት ሲቋረጥ የሚሆነውን እንጂ ሲጀመር የሚሆነውን አይነግርም፤ ወረቀት ስላልነበራቸው ስደተኞች እንጂ ስለ ሁሉም አይናገርም፤ የልጆችን ትምህርት እንጂ ፍጆታን አይለካም፤ ከቀበሌው ጠቅልለው የወጡ ቤተሰቦችን አያገኝም፤ ትንሽ ጉዳትን አይለይም ይላል። አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገሮች ከላይ ያለውን አንድ ምርጫ ያስገደዱ ናቸው፤ አንዱ ርዕሱን ለውጧል፣ ሌላው መለኪያውን፣ ሌላው የናሙናውን ብዛት። ገምጋሚ ፕሮፖዛል ሲያነብ ሊሞክረው የሚገባ ቀላል ፈተናም ይኸው ነው። የውስንነቱን አንቀጽ በእጁ ሸፍኖ ጥያቄውን ያንብብ፤ ውስንነቶቹን ከጥያቄው አቀራረጽ መገመት ከቻለ ጸሐፊው አስቦበታል። አንቀጹን ቆርጦ ሌላ ፕሮፖዛል ላይ መለጠፍ ከተቻለ ግን ጥናቱ ገና አልተነደፈም።